በሕጋዊ መከላከል ይግባኝ ላይ የፍርድ ማጠቃለያ እንዴት ይጻፋል?

«ቱሉ ዲምቱ የምኖር በማታው ክፍለ ጊዜ የምማር የ3ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የሕጋዊ መከላከል ክርክር ያለበት የይግባኝ ፍርድ ሰጥቶን ኬዝ ብሪፍ ጽፋችሁ አምጡ አለን። 6 ገጽ ጽፌ ብሰጠው ‹ይህ ፍርዱን መገልበጥ ነው› ብሎ መለሰልኝ። ጭብጡን ‹ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?› ብዬ፣ ውሳኔውን ደግሞ ከመጨረሻው ገጽ እንዳለ ገልብጬ ነበር። ፍሬ ነገር፣ ጭብጥ፣ ውሳኔና ምክንያት የሚለያዩት የቱ ላይ ነው? ሰውየው ራሱን ሲከላከል እንደነበረ ግልጽ ሆኖ ሳለ ለምን ተቀጣ የሚለውንስ የት ላይ ልጻፈው?»

እርስዎን ያሳሳተዎት «ውሳኔ» የሚለው ቃል ነው። በፍርድ ቤቶቻችን የአጻጻፍ ልማድ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ውሳኔ» የሚል ርዕስ ይቀመጥና ከሥሩ በተራ ቁጥር «የሥር ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ተሻሽሏል»፣ «ማረሚያ ቤቱ ይህንኑ አውቆ እንዲያስፈጽም ይጻፍ»፣ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚሉ መስመሮች ይደረደራሉ። ይህ የጉዳዩ ፍጻሜ ነው፤ በተከራካሪዎቹ ላይ ምን እንደሚፈጸም ይናገራል እንጂ ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አይናገርም። መምህርዎ በሦስተኛው ክፍል የሚፈልጉት ግን ሁለተኛውን ነው፤ ፍርድ ቤቱ ለጭብጡ የሰጠውን የሕግ መልስ። ይህ መልስ ከመጨረሻው ገጽ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ቀደም ብሎ በሐተታው መካከል፣ ብዙ ጊዜ «በመሆኑም» ወይም «ከዚህ አንጻር ሲታይ» ብሎ በሚጀምር አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች ሁለቱ እንዳይደባለቁ የመጨረሻውን ገጽ «ፍጻሜ»፣ በሐተታው ውስጥ ያለውን ደግሞ «የሕግ መልስ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ እርስዎም በማጠቃለያዎ ላይ ለይተው ቢሰይሟቸው ግማሹ ችግር ይቃለላል።

«ራሱን ሲከላከል እንደነበረ ግልጽ ሆኖ ሳለ» ያሉት ደግሞ መታረም ያለበት ሁለተኛው ነገር ነው። ሰው ጥቃት ደርሶበት መልሶ መታ ማለትና በሕጋዊ መከላከል ውስጥ ነበር ማለት አንድ አይደሉም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ላይ መከላከሉ የማያስቀጣ የሚሆነው በአንድነት የሚታዩ ሁኔታዎች ሲሟሉ እንደሆነ ያስቀምጣል። ጥቃቱ ከሕግ ውጭ መሆን አለበት፤ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ የራስን ወይም የሌላን ሰው በሕግ የተጠበቀ መብት የሚነካ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ በመጨረሻም የተወሰደው ርምጃ ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከታሰበው መብት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሰውየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሟልቶ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 79 ይሄዳል፤ የመከላከሉን ወሰን ያለፈ ሰው የሚዳኝበት ድንጋጌ ነው። የሞተ ሰው ካለ ደግሞ አንቀጽ 541(ሀ) ይመጣል፤ ይህም የሕጋዊ መከላከልን ወሰን በማለፍ የተፈጸመን ግድያ ከተራው የሰው ግድያ ለይቶ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት የሚቀጣ ነው። ተራው የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው አብዛኛውን የሕጋዊ መከላከል ይግባኝ የሚያስነሳው። ስለዚህ «ለምን ተቀጣ?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ከአምስቱ ሁኔታዎች የትኛው እንደጎደለ ማሳየት የማጠቃለያው ዋና ሥራ ነው።

አሠራሩን ለማሳየት እንዲያመቸኝ ለማስተማሪያ ራሴ ባዋቀርኩት ጉዳይ ልጠቀም። ከአዲስ አበባ ዳርቻ በግንባታ ላይ ያለ አንድ ቤት አለ እንበል። ተከሳሹ የሌሊት ጥበቃ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሟች በቆርቆሮው አጥር ክፍተት ገብቶ ፌሮ ሊወስድ ሲል ጥበቃው «ማነህ? ቁም!» ይለዋል። ሟች በያዘው ፌሮ የጥበቃውን ግራ ክንድ መትቶ ይሰብረዋል። ጥበቃው በቀኝ እጁ በያዘው ዱላ ግንባሩን ይመታዋል፤ ሟች ፌሮውን ጥሎ በጉልበቱ ይንበረከካል። ጥበቃው ወዲያው ማጅራቱ ላይ ደግሞ ይመታዋል። ሟች እዚያው ይወድቃል፤ በማግስቱ ሕይወቱ ያልፋል። የአስከሬን ምርመራው ለሞት ያበቃው በጭንቅላቱ ኋላ በኩል የደረሰው ስብራት እንጂ የግንባሩ ቁስል አይደለም ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሌላ ጥበቃ ጩኸት ሰምቶ ባትሪ ይዞ ሲደርስ ሟች ባዶ እጁን ተንበርክኮ እንደነበርና ሁለተኛው ምት ሲያርፍበት እንዳየ፣ ፌሮው ግን ከሟች ጉልበት አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወድቆ እንደነበር መስክሯል።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአንቀጽ 540 ጥፋተኛ ብሎ 9 ዓመት ጽኑ እስራት ፈረደ፤ ምክንያቱም ሟች ፌሮውን ሲጥል ጥቃቱ አብቅቷል፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ብቀላ ነው የሚል ነበር። ተከሳሹ ይግባኝ አለ። ሙሉ በሙሉ በአንቀጽ 78 ነጻ ልባል፣ ይህ ቢታለፍ እንኳ በድንጋጤና በፍርሃት ያደረግሁት ስለሆነ በአንቀጽ 79(2) ልታይ ሲል ተከራከረ። ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ ተከሳሹ ሲጠብቅ የነበረው ጥቂት ፌሮ ስለሆነ የሰው ሕይወት ማጥፋቱ ከመጀመሪያውም የተመጣጠነ አይደለም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነቱን አንቀጽ ወደ 541(ሀ) ለውጦ ቅጣቱን 3 ዓመት ቀላል እስራት አደረገ።

አሁን እርስዎ ይህን ፍርድ 8 ገጽ ሆኖ በእጅዎ ቢያገኙት ከመጀመሪያው ገጽ አይነሱ። ከፍጻሜው ጀምረው የሥር ፍርድ ቤቱን ውጤትና የይግባኙን ውጤት ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ከዚያ «የተለወጠው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እዚህ የተለወጠው አንቀጹ ነው፤ ከ540 ወደ 541(ሀ)። እንግዲህ ሁለቱን ፍርድ ቤቶች ያለያያቸው አንድ ነጥብ በሐተታው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ያ ነጥብ ጭብጡ ነው። በዚህ ጉዳይ ሟች ፌሮውን ከጣለ በኋላ ያረፈበት ምት ከጥቃቱ ተነጥሎ እንደ ብቀላ ይታያል ወይስ የመከላከሉ ቀጣይ ሆኖ ወሰን እንዳለፈ ይቆጠራል የሚለው ነው። ፍርዱ ሥር ፍርድ ቤቱን ያጸና ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጥያቄው «ይግባኝ ባዩ እንዲለወጥ የጠየቀውና የተከለከለው ምንድን ነው?» ይሆን ነበር።

«ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጭብጥ የማይጠቅመው ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ በማንኛውም የወንጀል መዝገብ ላይ ሊለጠፍ የሚችል ስለሆነ ነው። ጥሩ ጭብጥ ሁለት ነገር በአንድነት ይይዛል፤ ያከራከረውን የሕግ ሁኔታና ያንን ሁኔታ ያከራከረውን ፍሬ ነገር። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦ «በፌሮ ተመትቶ ክንዱ የተሰበረ ጥበቃ አጥቂው መሣሪያውን ጥሎ ከተንበረከከ በኋላ፣ መሣሪያው ግን በአጥቂው አቅራቢያ ሳለ፣ ወዲያውኑ በድጋሚ መትቶ ቢገድለው ድርጊቱ በአንቀጽ 540 ወይስ በአንቀጽ 541(ሀ) የሚሸፈን ነው?» ይህን ያነበበ ሰው መዝገቡን ባያይም ክርክሩ ምን እንደነበረ ያውቃል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጭብጡን ከልክ በላይ ማጥበብ አለ። ሰዓቱን፣ የአጥሩን ቆርቆሮ፣ የሟችን ዕድሜ ሁሉ በጥያቄው ውስጥ የሚያጭቁ ተማሪዎች አሉ፤ ያን ጊዜ መልሱ ለዚያ ሌሊት ብቻ የሚሠራ ይሆንና ከፍርዱ የሚወሰድ ሕግ አይኖርም።

ዐቃቤ ሕጉ ያነሳው የንብረት ጉዳይም ራሱን የቻለ ጭብጥ ነው፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ ሊያልፈው የማይችለው ነበር። ሲጠበቅ የነበረው መብት ፌሮው ብቻ ከሆነ አምስተኛው ሁኔታ፣ ማለትም ተመጣጣኝነቱ፣ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ይፈርሳል። ስለዚህ ይህ ማጠቃለያ ሁለት ጭብጥ ይኖረዋል። ከሁለት በላይ ሲሆንብዎት ግን ቆም ብለው አንዱ በሌላው ውስጥ የተጠቃለለ እንዳይሆን ይመርምሩ።

ፍሬ ነገሩ በማጠቃለያው መጀመሪያ ላይ ቢቀመጥም መጻፍ ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ጭብጡንና የሕግ መልሱን ካወቁ በኋላ ነው የትኛው ፍሬ ነገር ክብደት እንዳለው የሚታወቀው። እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ያውጡትና «ይህ ባይኖር መልሱ ይለወጥ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የጥበቃው ክንድ መሰበር ቢወጣ የመከላከሉ ክርክር በሙሉ ይናዳል፤ ስለዚህ ይቆያል። ፌሮው አንድ ክንድ ርቀት ላይ መውደቁ ቢወጣ ፍርድ ቤቱ ጥቃቱ ጨርሶ አላበቃም ያለበት መሠረት ይጠፋል፤ ይቆያል። የአስከሬን ምርመራው የኋላ ስብራት ማለቱ ቢወጣ ሟችን የገደለው የመጀመሪያው ምት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ በሙሉ ስለ መጀመሪያው ምት ይሆናል፤ ስለዚህ ይህም ይቆያል። በአንጻሩ ሌላው ጥበቃ ባትሪ መያዙ የሚቆየው ፍርድ ቤቱ ምስክሩ በደንብ ማየት ይችል ነበር ብሎ ከተመረኮዘበት ብቻ ነው። የቆርቆሮው አጥር ይወጣል።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ የሚታይ ነገር አለ። የክሱ ዝርዝር ፍሬ ነገር አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ ሊያስረዳ የተነሳው ነው። የምስክር ቃልም በራሱ ፍሬ ነገር አይደለም። በማጠቃለያው ላይ የሚሰፍረው ፍርድ ቤቱ «ተረጋግጧል» ብሎ የተቀበለው ነው። በመጀመሪያ ይግባኝ ላይ ደግሞ ይህ እጥፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ጭምር መርምሮ ሥር ፍርድ ቤቱ የተቀበለውን ፍሬ ነገር ሊለውጥ ስለሚችል ነው። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች በፍሬ ነገሩ ከተለያዩ ልዩነታቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡ። በምሳሌያችን ሁለቱም በሆነው ነገር ይስማማሉ፤ የተለያዩት ለሆነው ነገር በሰጡት የሕግ ስያሜ ነው። ይህን መለየት ያልቻለ ማጠቃለያ ፍርዱ ስለ ማስረጃ ምዘና ይሁን ስለ ሕግ ትርጉም ሳይታወቅ ይቀራል። ሰበር ላይ የደረሰ ጉዳይ ሲሆን ችሎቱ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ስለሆነ ፍሬ ነገሩን የወሰነው የትኛው የሥር ፍርድ ቤት እንደሆነ መጻፍ አለብዎት።

ይህን በምክር ብቻ የምናገረው አይደለም። በጥብቅና ሥራ ገና ጀማሪ ሳለሁ ራሴ ያጠቃለልኩትን አንድ ፍርድ ይዤ ተከራክሬ ነበር። በማስታወሻዬ ላይ ፍርድ ቤቱ ንብረት ጠባቂ ሌባን በዱላ መምታቱን በሕጋዊ መከላከል ተቀብሏል ብዬ ጽፌ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ሙሉውን ፍርድ አውጥቶ ሌባው አስቀድሞ በቢላዋ እንደወጋው የሚናገረውን መስመር አነበበ። እኔ ያንን ፍሬ ነገር እንደ ዝርዝር ቆጥሬ ትቼዋለሁ። የእኔ ደንበኛ ግን ያልተነካ ሰው ነበር። ክርክሬ እዚያው ቆመ፤ የደንበኛዬ እናት ከችሎት ስንወጣ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕግ መልሱን ስጽፍ የቆመበትን ፍሬ ነገር በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሳላስገባ አላልፍም።

የሕግ መልሱም መጻፍ ያለበት እንደዚሁ ነው። ለመጀመሪያው ጭብጥ፦ «በአንቀጽ 541(ሀ) ይሸፈናል። መሣሪያው በአጥቂው አቅራቢያ ሳለና በሁለቱ ምቶች መካከል ፋታ ሳይኖር የተሰነዘረ ምት የተጀመረው መከላከል ቀጣይ ነው፤ ነገር ግን አጥቂው ባዶ እጁን ተንበርክኮ ስለነበር ለመከላከል ከሚያስፈልገው በላይ ሆኗል።» ለሁለተኛው፦ «ንብረት ሊወስድ የገባ ሰው ጠባቂውን በመሣሪያ ከመታው በኋላ አደጋ ላይ ያለው መብት ሕይወትና አካል እንጂ ንብረቱ አይደለም፤ ተመጣጣኝነቱም በዚሁ ይመዘናል።» ከዚህ በኋላ ፍጻሜውን በአንድ መስመር ያክሉ፤ ፍርዱ ተሻሽሎ ቅጣቱ 3 ዓመት ቀላል እስራት ሆኗል። ይኸው ነው። ቁጥሮቹን ለማረሚያ ቤት ከተጻፈው ትእዛዝ ጋር መገልበጥ አያስፈልግም።

ምክንያቱ ላይ ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት የተከራካሪዎችን ክርክር እንደ ፍርድ ቤቱ ሐሳብ አድርገው መጻፋቸው ነው። ፍርዶቻችን የግራ ቀኙን ክርክር በረጅሙ ስለሚያትቱ «ጥቃቱ አላበቃም» የሚለው ዐረፍተ ነገር የጠበቃው ይሁን የዳኞቹ ለመለየት ወደ ላይ ተመልሶ ማን እየተናገረ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የዳኞቹ ሐሳብ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ «እኛም የግራ ቀኙን ክርክር ከሥር ፍርድ ቤቱ ፍርድ ጋር አገናዝበን መርምረናል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር በኋላ ነው። እኔ በእጅ ቅጂዬ ላይ በዚህ መስመር ዳር በቀይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ በላይ ካለው ነገር ወደ «ምክንያት» ክፍል የሚገባ አይኖርም።

ከምልክቱ በታች ያለውን ደግሞ በሁለት ይክፈሉት። አንደኛው ወደ መልሱ ያደረሰው ነው። በጉዳያችን ፍርድ ቤቱ እንዲህ አሰበ፤ በሁለቱ ምቶች መካከል ያለፈው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ ክንዱ የተሰበረ ሰው በጨለማ ውስጥ አጥቂው ፌሮውን ዳግመኛ ያነሳ እንደሆነ ሊለይ የሚችልበት ሁኔታ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ድርጊቱ ከጥቃቱ የተነጠለ ብቀላ ተብሎ አይወሰድም፤ ሆኖም ተከሳሹ ቆሞ፣ ሟች ተንበርክኮ ስለነበር ፌሮውን በእግሩ ገፍቶ ማራቅ ወይም ወደ ኋላ መሸሽ ይችል ነበር። እነዚህ ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ የሕጉ ቃል፣ የተረጋገጠው ፍሬ ነገር፣ ከሁለቱ የተደረሰበት ድምዳሜ። ሌላው ክፍል ፍርድ ቤቱ በመንገዱ ላይ የተናገረው ግን ለውሳኔው የማያስፈልገው ነው። ለምሳሌ ዳኞቹ «ሟች ፌሮውን ይዞ ሲሸሽ ተከትሎ መምታት ሕጋዊ መከላከል ሊባል አይችልም» ብለው ቢጽፉ ይህ በጉዳዩ ላይ ያልተነሳ ነገር ነው፤ ሟች አልሸሸምና። አስተያየቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም በሕግ መልሱ ውስጥ መግባት የለበትም። በምክንያት ክፍል መጨረሻ ላይ «ፍርድ ቤቱ ለውሳኔው ሳያስፈልገው እንዲህ ብሏል» ብለው ለይተው ያስቀምጡት።

አንቀጽ 79(2)ስ? ይህ ንዑስ አንቀጽ ወሰኑ የታለፈው ጥቃቱ ባስከተለው ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መናወጥ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ላይወስን እንደሚችል ይፈቅዳል። በጉዳያችን ይግባኝ ባዩ አንስቶታል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ስለ እርሱ አንድ ቃል ሳይጽፍ አልፏል እንበል። እንዲህ ያለ ነገር በእውነተኛ ፍርዶችም ያጋጥማል። ተማሪው ዝምታውን በራሱ ሐሳብ ሞልቶ «ፍርድ ቤቱ ፍርሃቱ በቂ አይደለም ብሎ አልተቀበለውም» ብሎ ሲጽፍ አያለሁ። ይህ በዳኞች አፍ ቃል ማስቀመጥ ነው። «ክርክሩ ቀርቦ ነበር፤ ፍርዱ ምላሽ አልሰጠበትም» ብለው ይጻፉ። ዝምታው ትክክል መሆን አለመሆኑ የእርስዎ ትችት ነው፤ ትችት ደግሞ ከአራቱ ክፍሎች ውጭ መምህርዎ ከጠየቁ ብቻ በአንድ አጭር አንቀጽ ይጨመራል። በዚህ ትችት ውስጥ 541(ሀ)ንና 79(1)ን ደራርቦ ቅጣት እንዲቀልል መጠየቅ የተለመደ ስህተት ስለሆነ ይጠንቀቁ፤ ወሰን ማለፉ የግድያው ድንጋጌ አካል ሆኖ ቅጣቱን አስቀድሞ አቅልሎታልና ያው ምክንያት ሁለት ጊዜ አይቆጠርም።

ከሕጋዊ መከላከል ጋር ሌላም የሚደባለቅ ነገር አለ። አንቀጽ 541(ለ) በከባድ መነሣሣት ወይም በብርቱ የስሜት ግፊት የተፈጸመን ግድያ ይመለከታል። ቅጣቱ ከ(ሀ) ጋር አንድ ስለሆነ ተማሪዎች በአንድ ትንፋሽ «በቁጣ ራሱን ሲከላከል» ይላሉ። በ(ሀ) ሥር የሚጠየቀው መከላከል ነበረ ወይ፣ ወሰኑስ ታለፈ ወይ ነው። በ(ለ) ሥር መከላከል መኖሩ ግድ አይደለም፤ የሚጠየቀው የሰውየው ስሜት በሁኔታው ሲታይ ሊገባ የሚችል ነበር ወይ ነው። ፍርዱ የትኛውን ፊደል እንደጠቀሰ ሳያረጋግጡ ምክንያቱን አይጻፉ።

የሕጉን ቃል በጥቅስ ውስጥ ሲያስገቡ ከእንግሊዝኛው ቅጂ እየተረጎሙ አይጻፉ። በ1987 የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው እንደሆነ ይደነግጋል። በተመጣጣኝነትና በ«ሌላ መንገድ» ላይ ያለ ክርክር በቃላት ላይ የሚቆም ስለሆነ የራስዎ ትርጉም አንድ ቃል ቢያዛባ ሐተታው ሁሉ ይዛባል።

የፍርዱ ክብደትም መታወቅ አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የተቋቋመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ነው። በመደበኛ ይግባኝ የተሰጠ ፍርድ ግን፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤትም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ አስገዳጅነት የለውም። የተሰጠዎት ፍርድ የይግባኝ ከሆነ ማጠቃለያዎን «ሕጉ እንዲህ ነው» ብለው አይዝጉት፤ «ፍርድ ቤቱ በዚህ ጉዳይ እንዲህ ብሏል» ይበሉ። በፍርዱ አናት ላይ «አመልካች» እና «ተጠሪ» የሚል ካለ ሰበር ነው፤ «ይግባኝ ባይ» እና «መልስ ሰጪ» ካለ ይግባኝ ነው። ይህን ለማወቅ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ሳያዩት የሚያልፉት ግን ብዙዎች ናቸው።

ስለ ማስረዳት ሸክምም አንድ ነገር ልጨምር። ሥር ፍርድ ቤቱ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 142 «ይከላከል» ብሎ ብይን መስጠቱን በጉዳዩ ሂደት ውስጥ በግማሽ መስመር ይጥቀሱ፤ ይህ ብይን ግን ተከሳሹ ንጹሕነቱን ያረጋግጥ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱ አይነሣም። ፍርዱ ጥርጣሬውን ለማን ጥቅም እንዳዋለ የተናገረው ካለ፣ በተለይ ሁለተኛው ምት ያረፈበትን ጊዜ በሚመለከት፣ በምክንያት ክፍል ውስጥ ይግባ።

የእርስዎን 6 ገጽ አርሞ ማሳጠር አልመክርም፤ ተቆርጦ የሚቀረው የሌሎች ዐረፍተ ነገር ክምር ይሆናል። ይተዉት። ፍርዱን አንዴ ጨርሰው ያንብቡ፤ ከዚያ ዘግተው የሕግ መልሱን በራስዎ ቃል በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። መጻፍ ካቃተዎት ያልገባዎት የአጻጻፉ ሥርዓት ሳይሆን ፍርዱ ራሱ ነውና ወደ ሐተታው ይመለሱ። ከተጻፈ ጭብጡን ከመልሱ ወደ ኋላ ይቅረጹት፤ ምክንያቱን በአምስቱ የአንቀጽ 78 ሁኔታዎች ላይ ያከራከሩትን ብቻ መርጠው ያስቀምጡ፤ ያላከራከሩትን «በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም» ብለው በአንድ ቃል ይለፏቸው። ፍሬ ነገሩን መጨረሻ ላይ ጽፈው መጀመሪያ ላይ ያኑሩት። እንዲህ የተሠራ የአንድ መዝገብ ማጠቃለያ ከአንድ ገጽ ተኩል በላይ አይሄድም። ከመስጠትዎ በፊት በሕግ መልሱ ውስጥ የጠቀሱት እያንዳንዱ ፍሬ ነገር በፍሬ ነገር ክፍል ውስጥ መኖሩን በጣትዎ እየነኩ ያመሳክሩ፤ በምሳሌያችን ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ከሟች ጉልበት አንድ ክንድ ርቆ የወደቀው ፌሮ ነው።